ሰባት ፊት፣ ሰባት ቦታ፦ በኤአይ የቤተሰብ ፎቶ ሲሠራ መልክ ለምን ይደባለቃል?

«አምስት ልጆች ነን። እኔ ቨርጂኒያ፣ አንዷ እህቴ ሲያትል፣ አንዱ ወንድሜ ሪያድ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ከእናታችን ጋር። ሁላችንም ከአባታችን ጋር አንድ ላይ ፎቶ ተነስተን አናውቅም፤ እሱም ካረፈ ቆይቷል፤ የቀረን የመሥሪያ ቤት መታወቂያው ላይ የነበረው ሦስት በአራት ብቻ ነው። ለእናቴ 70ኛ ዓመት ልደት ብዬ የሰባታችንንም ፎቶ ለኤአይ ሰጥቼ፣ ስማችንን ዘርዝሬ፣ ‹የቤተሰብ ፎቶ ሥራልኝ› አልኩት። ፎቶው ሲያዩት ያምራል፤ ግን ሁለቱ ወንድሞቼ መንታ ሆነዋል፣ የአባቴ ፂም ሪያድ ላለው ወንድሜ ተሰጥቷል፣ ታናሽ እህቴ የእናቴን የአንገት ንቅሳት ይዛ ቁጭ ብላለች። ‹ፊታቸውን አትቀይር› ብዬ ከሃያ ጊዜ በላይ ደገምኩ። መሣሪያው ነው ችግሩ ወይስ እኔ?»

መሣሪያው ፊታችሁን ከፎቶው ላይ ቆርጦ የለጠፈ መስሎዎት ከሆነ ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። ምንም የሚቆርጠው ነገር የለም። የሰጡትን ፎቶ አይቶ፣ ያየውን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ከዚያ ሥዕሉን ከባዶ ይስለዋል። አንድ ሠዓሊ ሰባት ፎቶ አይቶ ካስቀመጠ በኋላ በትዝታ ሰባት ሰው እንደሚስል ማለት ነው። ሲስል ደግሞ የሥዕሉ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ሁሉም ቃልና ወደ ሁሉም መነሻ ፎቶ ዞሮ «እኔ ላይ ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። «ይህ ንቅሳት የእሷ ብቻ ነው» የሚል አጥር በመካከላቸው የለም። ስለዚህ «ንቅሳት» የሚለው ምልክት የሴት አንገት ባገኘበት ሁሉ ሊያርፍ ይችላል። ነገሩ የታወቀ ነው፤ በ2023 ብዙ ሰዎችን በአንድ ሥዕል ስለማሳየት የሠሩ የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች «የማንነት መደባለቅ» ብለው ሰይመውት፣ የእያንዳንዱን ሰው ምልክት በራሱ የሥዕል ክፍል ላይ ብቻ እንዲወሰን በማድረግ ሊፈቱት ሞክረዋል። እርስዎም በቃላት ማድረግ ያለብዎት ይህንኑ ነው።

በቤተሰብ ፎቶ ላይ ችግሩ የሚብሰው ዘመዳሞች ስለሚመሳሰሉ ነው። ሰባት የማይዛመዱ ሰዎችን ቢሰጡት መለየት ይቀለዋል፤ የአንድ አባት ልጆች ግን ቅንድባቸውም አፍንጫቸውም ይቀራረባል። በእናንተ ቤት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አባትዎ በመታወቂያው ላይ ምናልባት የአርባ ምናምን ዓመት ጎልማሳ ናቸው፤ ሪያድ ያለው ወንድምዎ ዛሬ በዚያው ዕድሜ ላይ ከሆነ፣ ማሽኑ ፊት የቀረበለት አንድ ዓይነት ዕድሜ ያላቸው፣ አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሁለት ወንዶች ነው። ፂሙ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ምንም ነገር የለም።

ስማችሁን መጻፍዎ አልጠቀመም፤ ወደፊትም አይጠቅምም። የእናትዎ ስም ለእርስዎ ሙሉ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ግን ከየትኛውም ፎቶ ጋር ያልተያያዘ ድምፅ ነው። «ታላቅ እህቴ»፣ «አባባ» ማለትም እንዲሁ ነው። «ፊታቸውን አትቀይር» የሚለው ደግሞ የማንን ፊት፣ ከየትኛው ፎቶ፣ ወደየትኛው ቦታ የሚለውን ስለማይናገር ባዶ ነው። ሃያ ጊዜ መድገም ሎተሪ ሃያ ጊዜ መቁረጥ ነው፤ አንዴ እናትዎ ደህና ይወጣሉ፣ ሌላ ጊዜ ወንድምዎ፤ ሰባቱም በአንድ ዕጣ አይወጡም።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው፤ ይህን በስሌት ማየት ይቻላል። 1024 ፒክሰል ስፋት ባለው ሥዕል ላይ ሰባት ሰው በአንድ ረድፍ ቢቆም ለአንዱ ሰው ከነትከሻው 146 ፒክሰል ያህል ይደርሰዋል፤ ፊቱ ከዚያ ውስጥ ግማሹን እንኳ ቢይዝ ሰባ ገደማ ነው። ስቴብል ዲፊውዥን በተባለው ሥዕል ሠሪ ኤአይ የመጀመሪያ ትውልዶች ሥዕሉ የሚሠራው በየአቅጣጫው ስምንት ጊዜ ታምቆ ስለሆነ፣ ያ ፊት በስፋቱ ዘጠኝ ያህል ነጥብ ብቻ ነው የሚኖረው። በዘጠኝ ነጥብ ውስጥ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈርና የቅንድብ ቅርጽ ተለይቶ አይገባም። የጎደለውን ማሽኑ ከሚያውቀው «አማካይ ፊት» ይሞላዋል፤ ለዚያ ነው ሁሉም ዘመዳሞች ሳይሆኑ አንድ ሰው የሚመስሉት። አሁን ያሉት መሣሪያዎች ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ትንሽ ፊት ላይ ግን አሁንም ይሳሳታሉ።

ስለዚህ ሰባቱን በአንድ ትእዛዝ አይጠይቁ። በአንድ ዙር ከሦስት በላይ አዲስ ፊት አያስገቡ። ከዚያ በፊት ግን ወረቀትና እርሳስ ይዘው የአቀማመጥ ንድፍ ይሥሩ። በእርስዎ ቦታ ብሆን ሦስት ሰው ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፤ በግራ እርስዎ፣ በመካከል እናትዎ፣ በቀኝ አባትዎ። ከኋላ አራት ይቆማሉ፤ ከግራ ጀምሮ የሪያዱ ወንድም፣ የሲያትሏ እህት፣ ታናሽ እህት፣ የአዲስ አበባው ወንድም። ሁለቱን ወንድሞች ዳርና ዳር ያደረግሁት አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ መንታ ስለሚሆኑ ነው። ፂም የተሰጠው ወንድምም ከአባቱ በተቃራኒው ጫፍ ቆሟል። አጠገብ ለአጠገብ የሚሆኑ ሰዎች ቢያንስ በዕድሜ፣ በጾታ ወይም በፀጉር ይለያዩ፤ መካከል የቆሙት ሁለቱ እህቶች አንዷ ሹሩባ፣ አንዷ አጭር ፀጉር ካላት ይበቃል።

«ግራ» ሲሉ የማን ግራ? እኛ ስለ ሰው ስናወራ «በግራው በኩል» የምንለው የራሱን የሰውየውን ግራ ሊሆን ይችላል፤ በፎቶ ላይ ግን ያ በተመልካቹ ቀኝ ነው። ትእዛዙ ላይ አንዴ «ግራና ቀኝ ከተመልካቹ አንጻር» ብለው ይወስኑና እስከ መጨረሻው አይቀይሩት። አንዳንዱ መደባለቅ ከዚህ ግራ መጋባት እንጂ ከማሽኑ አይደለም።

መግለጫውን ሲጽፉ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ነገር የሚያመሳስላቸውን መጻፉ ነው። «ቆንጆ ኢትዮጵያዊት፣ ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ትልልቅ ዓይን» የሚለውን ለአራቱም ሴቶች ከጻፉ አራቱንም ወደ አንድ ፊት ጎትተዋል። የሚጻፈው ያቺ ሰው ብቻ ያላት ነው፦ ክብ መነጽር፣ የግንባር ጠባሳ፣ ፍንጭት ጥርስ፣ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት፣ ወደ ኋላ የሸሸ የፀጉር መስመር። ልብስም ትልቅ አገልግሎት አለው። ሁሉም ነጭ በነጭ ይልበሱ ካላችሁ እንኳ የጥበቡን ቀለም ይለያዩ፤ የእናት አረንጓዴ፣ የእርስዎ ሰማያዊ፣ የታናሽ እህት ወይን ጠጅ። ቀለሙ ማሽኑ ሰውየውን የሚይዝበት እጀታ ይሆነዋል፤ እርስዎም በኋላ «ወይን ጠጅ ጥበብ ያላት» ብለው ለይተው ማረም ይችላሉ።

ስለ መልክ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ተሳስቼበታለሁ። እኛ «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም» እንላለን። አንድ ጊዜ «ቀይ ሴት» ብዬ ጽፌ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ጉንጯ ቲማቲም የመሰለ ሴት ወጣችልኝ። «ፈካ ያለ ቡናማ ቆዳ»፣ «ጥቁር ቡናማ ቆዳ» ብለው ይጻፉ። ካልጻፉት ደግሞ የሰባቱንም ቆዳ አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ ያኔ ፊቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ሰውየው ሌላ ይመስላል።

የመጀመሪያው ዙር ትእዛዝ ይህን ሊመስል ይችላል፤ የእያንዳንዱ ሰው ቦታ፣ የፎቶ ቁጥርና መግለጫ በአንድ መስመር ተያይዞ እንደሚሄድ ልብ ይበሉ።

```
በሥዕሉ ውስጥ 3 ሰዎች ብቻ ይኑሩ። ግራና ቀኝ ከተመልካቹ አንጻር ነው።
ግራ ወንበር = ፎቶ 1፦ ሴት፣ 46 ዓመት፣ ክብ መነጽር፣ ሰማያዊ ጥበብ።
መካከል ወንበር = ፎቶ 2፦ ሴት፣ 70 ዓመት፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት፣ አረንጓዴ ጥበብ።
ቀኝ ወንበር = ፎቶ 3፦ ወንድ፣ 45 ዓመት፣ አጭር ፂም፣ ጥቁር ኮት፣ ፊቱ ቀጥታ ወደ ካሜራ።
ንቅሳት ያለው መካከል ያለችው ሴት ላይ ብቻ ነው። ፂም ያለው ቀኝ ያለው ሰው ላይ ብቻ ነው።
ከኋላቸው ለ4 ቆሞ ለሚታይ ሰው ባዶ ቦታ ይተው።
```

ዕድሜውን እንደራሳችሁ ያስተካክሉት። መሣሪያው ከመሳሉ በፊት «የተረዳኸውን ንገረኝ፤ ማን የት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ፎቶ 2ን ከፎቶ 1 ካቀያየረ እዚያው ይታያል፤ ሥዕል ከማባከን ይሻላል። አማርኛው ካልገባው ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ይጻፉ። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩት የቆዩት የስቴብል ዲፊውዥን ዓይነቶች ደግሞ በዋናነት በእንግሊዝኛ የሠለጠኑ ሲሆኑ፣ በአንድ ጊዜ የሚያነቡት 77 የቃል ቁራጭ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ሊቆረጥ ስለሚችል የሰባት ሰው መግለጫ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ያለ መግለጫ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ዙር ግራ ያሉትን ሁለት ቋሚዎች፣ ሦስተኛው ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ይጨምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። «ሁለት ሰው ጨምርበት፣ ሌላውን አትንካ» ሲሉት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ያልነካ መስለው ሥዕሉን በሙሉ እንደገና ይስሉታል። በመጀመሪያው ዙር በትክክል የወጡት እናትዎ በሁለተኛው ትንሽ፣ በሦስተኛው ትንሽ ይለወጣሉ፤ በየዙሩ ጥቂት ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። መፍትሔው እያንዳንዱን ዙር ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በፎቶሾፕ ወይም ነፃ በሆነው በጂምፕ አዲሱን ሥዕል ከአሮጌው በላይ እንደ ሌየር፣ ማለትም እንደ ተደራቢ ገጽ፣ አስቀምጠው፣ አዲስ የገቡት ሁለት ሰዎች ካሉበት በስተቀር የላዩን ያጥፉት። የቀደሙት ፊቶች ከመጀመሪያው ዙር እንዳሉ ይቀራሉ። መሣሪያው ማስክ የሚቀበል ከሆነ፣ ማለትም የሚስተካከለውን ቦታ በጣትዎ ቀብተው ማሳየት ከቻሉ፣ ቀለል ይላል። ቢሆንም ከማስኩ ውጭ ያለውን በእርግጥ እንዳልነካ አጉልተው ያረጋግጡ።

የአባትዎ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። የሦስት በአራት ፎቶ በስልክ ከላሚኔቱ ላይ ካነሱት የማሽኑ መነሻ የብርሃን ነጸብራቅ ይሆናል። በስካነር በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ቢያስነሱት 709 በ945 ፒክሰል ገደማ ያገኛሉ፤ ለአንድ ፊት ይህ በቂ ነው። ስካነር ከሌለ ፍላሽ አጥፍተው መስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገው ያንሱት። ፎቶው ራሱ ከደበዘዘ ግን ማሽኑ የጠፋውን አይመልስም፤ ይፈጥራል። የፈጠረው የሌላ ሰው ፊት ነው፤ ደስ የሚል ፊት ስለሚሆን ደግሞ ቤተሰቡ «አዎ እሱ ነው» ብሎ ሊቀበለው ይችላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የልጅ ልጆች የሚያውቁት አያት ያ ይሆናል።

ስለዚህ የአባትዎንና የእናትዎን ፊት ማሽኑ እንዲስል አይተዉት። ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። ማሽኑ ገላውን፣ ልብሱን፣ ወንበሩንና ክፍሉን ይሥራ፤ የሁለቱን ፊት ግን ከእውነተኛው ፎቶ ቆርጠው በእጅ ያስገቡ። በትእዛዙ ላይ አባትዎ ቀጥታ ወደ ካሜራ እንዲያዩ ያልኩት ለዚህ ነው። የመታወቂያ ፎቶ ፊት ለፊት የተነሳ ስለሆነ ወደ ጎን በዞረ ገላ ላይ አይቀመጥም። የክፍሉንም ብርሃን በአባትዎ ፎቶ ልክ ይምረጡ። ብርሃኑ ከፊት የሚመጣ፣ ጥላ የሌለው ይሁን፤ ከጎን የሚገባ የምሽት ፀሐይ ቢያምርም በእሱ ፊት ላይ ከሌለ ያጋልጠዋል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ከሆነ አባትዎን ቀለም ከመቀባት ሙሉውን የቤተሰብ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ይቀላል፤ የቆዳ ቀለም መገመትም ይቀራል። የፎቶ አርታኢ የሚያውቁ ከሆነ ይህን ይሠራልዎታል።

ለሌሎቻችሁ በማሽን የተሳለው ሊበቃ ይችላል፤ መነሻ ፎቶው ግን ይመረጥ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ንጹህ ፎቶ፣ ብቻውን ያለበት፣ በፊልተር ያልተስተካከለ። ከሠርግ ፎቶ ላይ የተቆረጠና የሌላ ሰው ጉንጭ ጥግ ላይ የሚታይበት አይሁን፤ ያ ጉንጭም ይገባል። የፊቱንም ስሜት እንደ መነሻው ይተዉት። አፉን ዘግቶ የተነሳን ሰው «ፈገግ ይበል» ካሉ ማሽኑ አይቶት የማያውቀውን ጥርስ ይፈጥርለታል፤ ፍንጭቱም ይዘጋል።

ሲጨርሱ ሙሉውን ሥዕል እያዩ አይፍረዱ፤ ልብሱና አቀማመጡ ዓይንን ያታልላል፤ እርስዎም ማን የት እንደተቀመጠ ስለሚያውቁ ያዩታል። ሰባቱን ፊት ለየብቻ ከግንባር እስከ አገጭ ቆርጠው፣ ቅደም ተከተሉን አበላሽተው፣ ለአንዲት አክስት ይላኩና «ይህ ማነው?» ይበሏት። ሳታመነታ ስም ካወጣች አልፏል። «ከሁለቱ ወንድሞች አንዱ ነው» ካለች ያ ፊት ወድቋል፤ እሱን ብቻ በማስክ እንደገና ያሠሩት። የተሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ለማግኘት ከመነሻው ፎቶ ጋር በአንድ መጠን ጎን ለጎን አድርገው ጆሮን፣ የፀጉር መስመርን፣ በቅንድብና በዓይን መካከል ያለውን ርቀት ያነጻጽሩ። ማሽኑ ለጆሮ ብዙም ስለማይጨነቅ የተቀየረ ፊት ብዙ ጊዜ በጆሮው ይታወቃል።

ከመጀመርዎ በፊት ወንድሞችዎንና እህቶችዎን ይጠይቁ። ፎቶአቸው ወደ ሌላ ኩባንያ ማሽን ይጫናል፤ ያልተስማማ ካለ፣ ለእሱ በእጅ ቆርጦ የማስገባቱን መንገድ ይጠቀሙ። ለእናትዎም ሲሰጡ ከጀርባው «ከየፎቶአችን ተገጣጥሞ የተሠራ» ብለው ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፉ።

የቀረው ማተሚያ ቤቱ ነው። 1536 ፒክሰል ስፋት ያለው ሥዕል በ300 ዲፒአይ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 30 በ20 ሴንቲ ሜትር 3543 በ2362 ፒክሰል ያስፈልጋል። ማተሚያ ቤቱ «እናጎላዋለን» ይልዎታል፤ አንዳንዱ የማጉያ ፕሮግራም ደግሞ ሲያጎላ ፊቶችን በራሱ ፈቃድ እንደገና ይስላል፤ ስንት ሌሊት የለፉበትን መልሶ ይደባልቀዋል። «ፊት ማሻሻያ» የሚለውን እንዲያጠፉት ይንገሯቸውና፣ በትልቁ ከመታተሙ በፊት የእናትዎንና የአባትዎን ፊት ብቻ በትንሽ ወረቀት አሳትመው ይዩ።